ወረቀቱ ሲ6 ይላል፤ ታዲያ እጁ ምን ይችላል?

«ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ካዛንቺስ ፎቅ ሲሠሩ ከርብራብ ላይ ወድቆ አንገቱ ተጎዳ፤ ሁለት ወር ሆነው። ኤምአርአዩ የተሰበረው አምስተኛው የአንገት አጥንት ነው ይላል። ከሆስፒታል ስንወጣ የሰጡን ወረቀት ላይ ግን ሲ6፣ ኤዥያ ኤ ተብሎ ተጽፏል። የቱ ነው ትክክሉ? የእጁን አንጓ ወደ ላይ ያነሳል፣ ያኔ ጣቶቹም ትንሽ ይጨበጣሉ። እጁ እየተመለሰ ነው ማለት ነው? ብቻውን ዊልቸር ላይ መውጣት ይችል ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምሠራው መሃል ከተማ፣ ከጥቁር አንበሳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከፎቅ ሥራ ላይ የወደቁ ልጆች በየጊዜው ይመጡልናል፤ የወንድምሽ ዓይነት ጉዳት ያላቸውም አሉ። ስለዚህ በሥራ ከማየው ተነስቼ ልጻፍልሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ሁለቱም ወረቀቶች ትክክል ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። ኤምአርአዩ የትኛው አጥንት እንደተሰበረ ይነግርሻል። ሲ6 የሚለው በአከርካሪው ውስጥ ስለሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ስለ ህብለ ሰረሰሩ ነው፤ ሲ የአንገት፣ ቲ የደረት ክፍል ማለት ነው። እሱም ቢሆን የተጎዳውን ቦታ አይደለም የሚጠራው። በግራም በቀኝም ስሜቱም ጉልበቱም ተርፎ የቀረውን የመጨረሻ ደረጃ ነው። ሲ6 ተብሎ ከተጻፈ ሲ6 ይሠራል፤ የጎደለው ከሲ7 ጀምሮ ወደ ታች ያለው ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን በግልባጩ ይረዳውና የልጁ አንጓ ሲነሳ ሲያዩ ሐኪሙ የተሳሳተ ይመስላቸዋል።

ቁጥሩ ለምን ከአጥንቱ ጋር አልገጠመም ላልሽው ደግሞ፣ ህብለ ሰረሰር ከአከርካሪው አጥንት ያጥራል። ወገብ ላይ፣ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ሲደርስ ያልቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ የህብለ ሰረሰር ክፍል ተመሳሳይ ቁጥር ካለው አጥንት ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። አንገት ላይ ልዩነቱ አንድ ደረጃ ያህል ነው። በአምስተኛው አጥንት ትይዩ ያለው በግምት ስድስተኛው ክፍል ነው። ወደ ታች ሲወረድ ልዩነቱ ይሰፋል። የደረቱ የመጨረሻው፣ 12ኛው አጥንት የተሰበረበት ሰው የእግርና የሽንት ነርቮቹ የሚነሱበትን ቦታ ሊመታ ይችላል። ለዚህ ነው ደረጃው በፎቶ ብቻ የማይወሰነው። ሰውየውን በእጅና በመርፌ መመርመር ግድ ነው።

ሲመረምሩት አይተሽ ይሆናል። መጀመሪያ ጉንጩን በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ነካ ያደርጉታል፤ ጉንጭ ከአንገት ነርቮች ውጭ ስለሆነ ደህና ነው። ከዚያ የቀረውን ሰውነት ከጉንጩ ጋር እያወዳደረ እንዲናገር ይጠይቁታል። ቆዳችን በየነርቩ ደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ደርማቶም ይባላል። አውራ ጣት የሲ6 ነው። የመሃል ጣት የሲ7፣ ትንሿ ጣት የሲ8። የጡት ጫፍ ቲ4፣ እምብርት ቲ10። ወንድምሽ አውራ ጣቱ ላይ ሹል መሆኑን አውቆ የመሃል ጣቱ ላይ ከደነዘዘው፣ የወረቀቱ ሲ6 ከዚያ ነው የመጣው።

አንድ ቤተሰብን ሁሌ የሚያሳስት ነገር አለ። «ደረቱ ላይ ስነካው ያውቃል፣ ስለዚህ ከደረት በላይ ጤነኛ ነው» ይላሉ። የሲ4 ቆዳ በትከሻ ላይ አልፎ እንደ ነጠላ የደረትን የላይኛውን ክፍል ይሸፍናል። ከሱ ቀጥሎ ደረት ላይ የምታገኚው ቲ2ን ነው። በመካከል ያሉት፣ ከሲ5 እስከ ቲ1፣ ወደ ክንድና ወደ እጅ ሄደዋል። ስለዚህ ሲ4 ብቻ የቀረለት ሰውም የላይኛው ደረቱ ላይ ስትነኪው ያውቃል። የእጁን ነገር የሚነግርሽ ደረቱ ሳይሆን ጣቶቹ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አንጓውን ወደ ላይ ሲያነሳ ጣቶቹ የሚጨበጡት የጣት ጡንቻዎቹ ስለተመለሱ ላይሆን ይችላል። የጣቶቹ ጅማቶች በአንጓ ላይ ያልፋሉ። አንጓው ወደ ኋላ ሲታጠፍ ጅማቶቹ ይወጠሩና ጣቶቹን ይስባሉ፤ አውራ ጣቱም ወደ ሌባ ጣቱ ጎን ይጠጋል። አንጓው ሲወርድ ይላላሉና ጣቶቹ ይከፈታሉ። ይህ ቴኖዴሲስ ይባላል። ለማጣራት ቀላል ነው። አንጓውን በእጅሽ ያዥለትና እንዳይንቀሳቀስ አድርጊ። ከዚያ «ጨብጥ» በይው። ጣቶቹ ዝም ካሉ ጭብጡ የአንጓው ነው። አንጓው ተይዞም ጣት ከታጠፈ ሲ8 ነው የነቃው፤ ያኔ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሪው።

ጭብጡ የአንጓው ቢሆንም ትልቅ ሀብት ነው። የሲ6 ሰው የሚበላበት፣ ስልክ የሚይዝበት፣ ጥርሱን የሚቦርሽበት እጅ እሱ ነው። የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በፍቅር ነው። እናት ጣቶቹ እንዳይቆለመሙ ብላ በቅቤ እያሸች፣ አንጓውን ወደ ኋላ አጥፋ ጣቶቹን ቀጥ አድርጋ ትስባለች። ጅማቱ በዚህ አያያዝ ይረዝማል። ከረዘመ በኋላ አንጓው ቢነሳም ጣቶቹ አይመጡም፤ ጭብጡ ይጠፋል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ጣቶቹን ስትዘረጊ አንጓውን ወደ ታች አጥፊው። አንጓው ወደ ላይ ሲሆን ጣቶቹ ይታጠፉ። አልጋ ላይ በእጁ ሲደገፍም መዳፉን ዘርግቶ ሳይሆን ጣቶቹን አጥፎ ይሁን።

ይህ በኑሮ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ የሚኖር አንድ ልጅ ልንገርሽ። እሱም በሁለቱም በኩል ሲ6 ነበር። ፍርፍር የሚበላው መዳፉ ላይ በቬልክሮ በታሰረ ማንኪያ ነው። እንጀራውን ሌላ ሰው ከቆረሰለት አንጓውን አንስቶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይይዘዋል። ሻይ ላይ ግን እንጠነቀቅ ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሲያቅፍ በአውራ ጣቱ በኩል ሙቀቱን ያውቃል፤ በትንሿ ጣት በኩል አያውቅም። በዚያ በኩል ተቃጥሎ ሳያውቅ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ትልቅ እጀታ ያለው ኩባያ ነው የሚጠቀመው።

ዊልቸር ላይ ብቻውን መውጣት ይችላል ወይ ላልሽው መልሱ ያለው ክርኑ ላይ ነው። ክርንን የሚዘረጋው ከክንድ ኋላ ያለው ትራይሴፕስ የሲ7 ነው። ሰውነትን ከአልጋ ላይ በእጅ ገፍቶ ማንሳት የሱ ሥራ ነው። ሲ7 ያለው ሰው ብዙውን ነገር ብቻውን ያደርጋል። ሲ6 ያለው በአብዛኛው ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚንሸራተትበት ጣውላ ይፈልጋል፣ አጠገቡም ሰው። የአንድ ቁጥር ልዩነት የቤቱን ኑሮ እንዲህ ይለውጠዋል።

ይህንንም በትክክል ፈትሹት፤ ብዙ ሰው ይታለላል። የሲ6 ልጅ ክንዱን ጎኑ አድርጎ «ዘርጋ» ሲሉት ትከሻውን ወደ ውጭ ያዞርና ክርኑ በክብደቱ ይወድቃል። የዘረጋ ይመስላል። ስለዚህ በጀርባው ይተኛ። ክንዱን ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርገሽ ያዥለት፤ ክርኑ ታጥፎ እጁ ጆሮው አጠገብ ይሁን። ከዚያ እጁን ወደ ጣሪያ እንዲገፋ ጠይቂው። በሌላው እጅሽ ጣት ከክንዱ ኋላ ጡንቻውን ዳብሺ። ክንዱ ባይነሳም ከጣትሽ ሥር ጡንቻው ከተኮማተረ ያ ትልቅ ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ የጀመረ ጡንቻ የመጠንከር ዕድሉ ጥሩ ነው። ከጉዳቱ ቀጥሎ ያለው አንድ ደረጃ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ መመለሱ ያልተለመደ አይደለም። ሁለት ወር ገና ነው። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ካለ ግን ይህን ከማድረግሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ።

የልደታው ልጅ በግራ በኩል ትንሽ ትራይሴፕስ መጣለት፣ በቀኝ አልመጣም። ቀኙን ትከሻውን አዙሮ ክርኑን በመቆለፍ ይደገፍበታል። አልጋው ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር እኩል እንዲሆን የአልጋው እግር ተቆርጧል። በጣውላ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ወንድሙ ወገቡን ያዝ ያደርግለታል። ቤት ውስጥና ለጥ ያለ አስፋልት ላይ በራሱ ይገፋል። የቸርችል ዳገት ላይ ግን ሰው ያስፈልገዋል።

ኤዥያ ኤ የሚለውን ሳልነካው አልለፍ። ኤዥያ ጉዳቱ ሙሉ ወይም ከፊል መሆኑን የሚናገር መለኪያ ነው። እንደ ሲ6 ያለው ቁጥር ምን እንደሚጎድል በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ጉዳቱ ሙሉ ከሆነ ነው። ኤ ማለት በፊንጢጣ ዙሪያና ውስጥ ስሜት የለም፣ ጡንቻውንም በፈቃዱ መጭመቅ አይችልም ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ የህብለ ሰረሰር ክፍሎች እዚያ ስለሚያልቁ ነው የሚመረመረው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጻፈ ኤ ሊለወጥ ስለሚችል ድጋሚ እንዲያዩት ጠይቂ። እዚያ ትንሽ ስሜት እንኳ ከተገኘ ተስፋው ይለያል። እግሩ በራሱ ብድግ ካለ ወይም ከተንቀጠቀጠ ግን ያ የአከርካሪው የራሱ ምላሽ ነው፤ ከአንጎል የመጣ ትዕዛዝ አይደለም።

በመጨረሻ ዛሬ ማታ ለቤተሰቡ ሁሉ የምትነግሪው ነገር አለ። ከቲ6 በላይ የተጎዳ ሰው የሽንት ቱቦው ቢታጠፍ ወይም ቢደፈን ደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ራሱን ክፉኛ ያመዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ከአንገት በላይ ያልበዋል። አታስተኙት፤ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብስ ፍቱ፣ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ተከታተሉ። ቱቦው ደህና ከሆነ ሰገራ ወይም ቁስል ፈልጉ። ካልበረደለት ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የነዚህ ልጆች የላይኛው ግፊት በደህናው ቀን ከ90 እስከ 110 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 140 ሲያዩ «ደህና ነው» ካሏችሁ፣ የሱ የዘወትር ግፊት ስንት እንደሆነ ንገሯቸው። አሁን በደህናው ቀን ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ አልጋው አጠገብ ለጥፉት።

የክርኑን ሙከራ አድርጊና በግራና በቀኝ ያገኘሽውን ለየብቻ ጻፊልኝ። ከዚያ ስለ ጣውላውና ስለ ዊልቸሩ እንነጋገራለን።