ዘይቱን መዝኚ፣ ጎመኑን ተይው

«ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ካሎሪ መቁጠር ከጀመርኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ሁሉንም በዓይኔ ገምቼ ነው የምጽፈው። በቀን 1,600 አካባቢ ይመጣልኛል፣ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ቤት ውስጥ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። የኩሽና ሚዛን ልግዛ ወይስ ግምቱ ይበቃል?»

እህቴ፣ ሚዛኑን ግዢ። ግን ሁሉንም ነገር እንድትመዝኚበት አይደለም። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ እኛም ቤት ትሪው አንድ ነው፣ ሚዛንም መጠቀም ከጀመርኩ ቆየሁ። ከዚያ ሁሉ ያየሁት አንድ ነገር ነው። በእኛ ማዕድ ላይ የዓይን ግምት ክፉኛ የሚስተው ዘይት ላይ ነው። ሌላው ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚታለፍ ነው።

ጎመን ብትመዝኚ ምን ታገኛለሽ? በ100 ግራም ብትሳሳቺ ልዩነቱ ወደ 30 ካሎሪ ነው። ቲማቲሙ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሰላጣውም እንዲሁ። ዘይት ግን አንድ ግራሙ 9 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም ገደማ ይይዛል፣ ያ ማለት ወደ 120 ካሎሪ። ደግሞ ዘይት በማንኪያ ለክቶ ወጥ የሚሠራ ቤት አላየሁም። ከሃይላንዱ ወደ ድስቱ ይንቆረቆራል፣ እጅ «በቃ» ሲል ይቆማል። ወጡ መብሰሉንም የምናውቀው ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው። እንዲንሳፈፍ ደግሞ ብዙ መሆን አለበት።

እስቲ አንድ የሽሮ ድስት አብረን እናስላ። የሽሮ ዱቄት 200 ግራም፣ በግራም 3.6 ብንይዘው 720 ካሎሪ። ሽንኩርት 400 ግራም፣ 160። ቲማቲም 200 ግራም፣ 40። ነጭ ሽንኩርቱንና ጨውን ተያቸው። ዘይቱን ስትመዝኚው 120 ግራም ሆነ እንበል፣ ይህ 1,080 ነው። ድምሩ 2,000 ካሎሪ። ከግማሽ የሚበልጠው ዘይት ነው፣ ሽሮው አይደለም።

አሁን ባዶውን ድስት መዝኚ፤ 900 ግራም ነው እንበል። ሽሮው ተንተክትኮ ሲወርድ ድስቱን ከነወጡ መዝኚ፤ 2,500 ሆነ። ወጡ 1,600 ግራም ነው ማለት ነው። 2,000ን ለ1,600 ስታካፍዪ አንድ ግራም ወጥ 1.25 ካሎሪ ይሆናል። ውሃው ቢበዛም ቢያንስም ችግር የለውም። ውሃ ካሎሪ የለውም፣ የመጨረሻው ክብደት ራሱ ቀጥኖ እንደሆነ ወይም ወፍሮ እንደሆነ ይነግርሻል።

ያንኑ ድስት በዓይን የገመተች ሴት «ዘይት ሦስት ማንኪያ» ብላ ትጽፋለች። ያ 42 ግራም ነው፣ ወደ 380 ካሎሪ። ድምሯ 1,300 ይሆናል፣ በግራም 0.81። በአንድ ምግብ 320 ግራም ሽሮ ብትበላ እውነቱ 400 ነው፣ ማስታወሻዋ ላይ ግን 260። ምሳና እራት ሲደመር 280 ካሎሪ ጠፋ። በቀን 400 ቀንሼ እበላለሁ ብላ ከተነሳች የቀራት 120 ብቻ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የጠፋው 280 በወር ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ሌላውን ሁሉ በትክክል ገምታ እንኳ ማለት ነው።

ዘይቱን መመዘን ሳህን አያስቆሽሽም። የዘይቱን ሃይላንድ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪ፣ ዜሮ አድርጊው፣ አንስተሽ ድስቱ ላይ አፍስሺ፣ መልሰሽ አስቀምጪ። ሚዛኑ -60 ካለሽ 60 ግራም አፍስሰሻል። ቁሌቱ ሲደርቅ የምትጨምሪውንም እንዲሁ። የሚረሳው እሱ ሁለተኛው ነው። ወጡን ስትጨልፊ ደግሞ መጀመሪያ አማስዪው። ከላይ የተንሳፈፈውን የጨለፈ ሰው ከድስቱ ዘይት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፣ ያኔ ስሌቱ ሁሉ ይፋለሳል።

ሚዛኑን እስክትገዢ ደግሞ ዛሬውኑ ልትጀምሪው የምትችዪው አንድ ነገር አለ። አዲስ ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በማርከር ጻፊበት። አምስት ሊትር ዘይት 4,600 ግራም ገደማ ነው። አራት ሰው ሆናችሁ በ30 ቀን ከጨረሳችሁት፣ ለአንድ ሰው በቀን 38 ግራም ይደርሰዋል፣ ወደ 340 ካሎሪ። ማስታወሻሽ ላይ በቀን አንድ ማንኪያ እየጻፍሽ ከሆነ ከ200 ካሎሪ በላይ አልተጻፈም። እንግዳ ይበላል፣ ልጆች ያነሰ ይበላሉ፣ ስለዚህ ይህ ሻካራ ግምት ነው። ግን ጀሪካን ሲያልቅ ማንም አይከራከረውም።

እንጀራው ላይ ብዙ አትጨነቂ፣ ግን አንድ ቀን መዝኚው። አሥር እንጀራ በላስቲክ አድርገሽ መዝነሽ ለአሥር አካፍዪ። ቤት የሚጋገረው ሰፊና ወፍራም ሆኖ 350 ግራም ሊደርስ ይችላል፣ ከሱቅ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ 100 ግራሙን 150 ካሎሪ ብትይዢው ብዙም አትርቂም። ሰዎች «የእኔ ንጹህ ጤፍ ነው፣ የእሷ ሩዝ የገባበት» እያሉ ይከራከራሉ። ለካሎሪው ይህ ልዩነት ትንሽ ነው፤ የደረቀው ዱቄት ካሎሪ ተቀራራቢ ነው። የሚለየው ውፍረቱና ስፋቱ ነው። ከትሪው ስትበዪ ደግሞ የራስሽን እንጀራ ጠቅልለሽ በጎንሽ አስቀምጪ፣ ስንት ሩብ እንደበላሽ በዚያ ታውቂያለሽ። ወጡን ወደ ትሪው ከመውጣቱ በፊት በጭልፋ ቆጥረሽ በፊትሽ አስደርጊ። ጭልፋሽ ስንት ግራም እንደሚይዝ አንዴ ከመዘንሽ በኋላ ማዕድ ላይ ሚዛን ማቅረብ አያስፈልግም። ጉርሻውን ተቀበዪ፣ አትመዝግቢው።

ጉርሻውን አትመዝግቢው ያልኩሽ በምክንያት ነው። ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዛሬ 100 ይበልጣል፣ ነገ 100 ያንሳል። እንደ ጉርሻ ያለው በሳምንቱ ውስጥ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሌላው ሁሌም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ዘይት ሲገመት ከእውነቱ በልጦ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም፣ ሁሌ ያንሳል። የሚጎዳሽ ይህኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ተሳታፊዎቹ «ትንሽ እየበላን አንቀንስም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ሲመረመር ከሚበሉት በአማካይ 47 በመቶ ያህሉን ሳይመዘግቡ ቀርተዋል። የሰውነታቸው የማቃጠል አቅም ግን ጤነኛ ነበር።

የሚያዘነብለው ስህተት እንኳ ሁሌ በአንድ ልክ ካዘነበለ መላ አለው። ያንቺ ማስታወሻ 1,600 ይላል፣ ኪሎሽ ለሁለት ወር ቆሟል። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ሰውነትሽ የሚያቃጥለው ያህል ነው፣ ምናልባት 1,900፣ ምናልባት 2,000። በዚያው ግምትሽ ቀጥለሽ ማስታወሻው 1,300 እንዲል ብታደርጊ ትቀንሻለሽ። ቁጥሩ ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ያለ ሚዛን የሚሳካለት።

ችግሩ የእኛ ቤት ዝንባሌ በአንድ ልክ አለመቆየቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን አለ። ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ ይጨምራል፣ «የጾም ምግብ ቀላል ነው» ተብሎ ግምቱ ደግሞ ይቀንሳል። ሁለቱ ወደ ተቃራኒ ይሄዳሉ። ወጥ የምትሠራው ሴት ስትቀየርም እንዲሁ ነው። ጎረቤቴ ኪሎዋ እየቀነሰ ሄዶ በድንገት ቆመባት፣ የምትጽፈው ግን ያው ነበር። ስናጣራ ምግቡን መሥራት የጀመረችው የባሏ እህት ሆና ተገኘች። ከሚዛኑ አጠገብ ቆመን ሽሮዋን ስትሠራ መዘንነው። የቀድሞው እጅ 70 ግራም አካባቢ የሚያፈሰውን እሷ 130 ታፈስ ነበር። ሽሮው በጣም ይጣፍጣል፣ እውነቱን ለመናገር። ዘይቱን ወደ 80 አወረዱት፣ ቁሌቱን በደረቁ ረዘም አድርገው አቁላሉ፣ ኪሎውም እንደገና መውረድ ጀመረ።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው። ሁለት ሳምንት ዘይቱን፣ ቅቤውን፣ ኦቾሎኒውንና ወጡን መዝኚ። እነዚህ ትንሽ ሆነው ብዙ ካሎሪ የያዙ ናቸው። ከዚያ ወደ ዓይንሽ ተመለሺ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ፣ ወይም እጅ ሲቀየር ዘይቱን ብቻ እንደገና መዝኚ። ኪሎሽን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ምንም ሳትቀምሺ ተመዘኚና የሳምንቱን አማካይ ያዢ። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ኪሎ መውጣትና መውረድ የውሃና የጨው ነገር ነው። የወር አበባ ሰሞን ውሃ ስለሚይዝ ያንን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አነጻጽሪው።

አንድ ሰው ግን ከዚህ ምክር ውጪ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ ካለ፣ የሳምንት አማካይ ለእሱ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ማዕድ ለብቻው ይቆጠራል፣ እንጀራውም ይመዘናል። ያንን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ሚዛኑን ስትገዢ እስከ 5 ኪሎ የሚችል፣ በ1 ግራም የሚቆጥርና ዜሮ ማድረጊያ ያለው ይሁን። እንደገዛሽው ፈትኚው። የአንድ ሊትር ውሃ ሙሉውን መዝኚ፣ ቤትሽ ገብተሽ ጠጥተሽ ስትጨርሺ ባዶውን ጠርሙስ መዝኚ። ልዩነቱ ወደ 1,000 ግራም መምጣት አለበት። ከ20 ወይም 30 ግራም በላይ ከራቀ መልሺው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጪው፣ ላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ሲሆን ይዋዥቃል። ባትሪው ሲደክምም ቁጥሩ መዝለል ይጀምራል። ሁለት ግራም ቅመም ለመመዘን አይመችም፣ ለእሱ ደግሞ አትፈልጊውም።

የመጀመሪያውን ድስት ስትመዝኚ የዘይቱን ግራምና የወጡን ክብደት እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናካፍለዋለን።