ከካርዴ የወጣችው 1 ዶላር ምንድን ናት?

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት። ሌሊት 9 ሰዓት ከቪዛ ካርዴ 1 ዶላር ተቆረጠ የሚል መልእክት መጣልኝ። የከፈልኩት ነገር የለም። ትንሽ ናት ብዬ ልለፋት?»

መልስ፦ አትለፋት ወንድሜ። የካርድ ቁጥር የሰረቁ ሰዎች መጀመሪያ ካርዱ መሥራቱን በትንሽ ሂሳብ ይሞክራሉ። ካለፈላቸው ትልቁ ግዢ ከደቂቃዎች ወይም ከቀናት በኋላ ይከተላል።

ግን ሌብነት ላይሆንም ይችላል። በቅርቡ ካርድህን አንድ መተግበሪያ ላይ አስገብተህ ከነበረ፣ ካርዱን ለማረጋገጥ 1 ዶላር ይዘው በኋላ የሚለቁ አሉ። የባንክ አገልግሎት ክፍያም ብዙ ጊዜ አንተው ካደረግኸው ዝውውር ጋር ተያይዞ ይመጣል። ያንተ ግን ተኝተህ፣ ለብቻዋ የመጣች ናት። የሻጩን ስም እይ። ካላወቅኸው እኔ እንደ ሌባ ነው የምቆጥረው።

መልእክቱ ራሱም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በውስጡ ያለውን ሊንክ አትንካ፣ ቁጥሩም ላይ አትደውል። የባንክህን መተግበሪያ ራስህ ክፈትና ዝርዝሩን ተመልከት። እዚያ ከሌለች መልእክቱ ማጥመጃ ሊሆን ይችላል። ካለች ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ወዲያው ደውለህ ካርዱን አሳግድ። መተግበሪያው ማገጃ ካለው ደግሞ ከመደወልህ በፊት እዚያው ዝጋው። ዝርዝሩ ላይ ክፍያዋ ገና «በመጠባበቅ ላይ» የምትል ከሆነም ለባንኩ ንገራቸው።

ከዚያ ቅርንጫፉ ሄደህ ቅሬታህን በጽሑፍ አስገባ፣ አዲስ ቁጥር ያለው ካርድም ጠይቅ። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ የተሰረቀው የካርዱ ቁጥር ነውና። በመሃል «ከባንክ ነን፣ ገንዘብህን እንመልስልህ» ብሎ በስልክ የመጣልህን ኮድ የሚጠይቅ ከደወለ ስልኩን ዝጋበት።