ማታ ማታ የሚመጣው ረሃብ ከየት ይነሳል?

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቁርስ አልበላም፣ ምሳዬም ጥቂት ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን ወጥ ቤት ገብቼ ብስኩቱንም ዳቦውንም ያገኘሁትን ሁሉ ቆሜ እበላለሁ። ባለቤቴ አንድ ነገር ተናግሮኝ ዝም ያልኩበት ቀን ደግሞ ይብሳል። ባለፈው ወር የደበቅኩትን የብስኩት መጠቅለያ አገኘና ‹ለካ እንዲህ እየበላሽ ነው የምትወፍሪው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ተደብቄ እበላለሁ። እባክዎን፣ ራሴን መግታት ለምን አቃተኝ?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያየሁት ራስን መግታት ያቃታት ሴት አይደለችም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ራስሽን ስትገቺ ትውያለሽ። እኔ የማየው ሁለት የተለያዩ ረሃቦች በአንድ ሰዓት ላይ ሲገናኙ ነው። አንዱ ከጠዋት ጀምሮ ያልጠገበ የሆድ ረሃብ ነው። ሌላው ሳትናገሪው የዋጥሽው ንዴት ነው። ሁለቱ ተደራርበው ሲመጡ አንድ ብቻ ስለሚመስሉ፣ ማንኛውን እያስታገሥሽ እንደሆነ ማወቅ ይቸግርሻል። ስለዚህ መጀመሪያ እንለያያቸው።

የሚቀድመው የሆዱ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት የማታውን ነገር ተዪውና ቀንሽን ብቻ አስተካክዪ። ከእንቅልፍሽ በተነሳሽ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ቁርስ ብዪ፤ ከዚያም እስከ ማታ ድረስ ከአንዱ ምግብ እስከ ሌላው ከአራት ሰዓት በላይ አታሳልፊ። በተግባር ሦስት ዋና ምግብና ከሰዓት በኋላ አንድ መክሰስ ማለት ነው። ለረጅም ሰዓት የተራበ ሰው ሐሳቡ ወደ ምግብ ይሳባል፣ ስሜቱ ቶሎ ይነካል፣ መብላት ሲጀምርም ማቆም ይከብደዋል። ሁለቱን ረሃቦች ያለ ምግብ ለመቋቋም ከመሞከርሽ በፊት አንዱን በምግብ መመለስ ይሻላል፤ እሱም ምግብ የሚገባው ነውና። የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስጂ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ግን የምግብ ሰዓትሽን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ቀይሪ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ቦታ ላሳይሽ። ማታ ብዙ የበላ ሰው በነጋታው ቁርሱን ይዘላል፤ «ትናንት በልቻለሁ፣ ዛሬ ላካክስ» ይላል። የማግስቱን ማታ የሚያበላሸው ይኸው የተዘለለ ቁርስ ነው። ከከባድ ማታ በኋላ ቁርሱን በሰዓቱ መብላት በጣም ያስፈራሻል፤ እኔ ግን ከምመክርሽ ሁሉ ይህን አጥብቄ እይዛለሁ።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለ14 ቀን ማስታወሻ ያዢ። አምሮቱ በመጣ ቁጥር አንድ መስመር ይበቃል፦ ሰዓቱ፣ የሆድሽ ረሃብ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ የመብላት አምሮትሽ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ የሚሰማሽ ስሜት፣ እና ባለፉት ሁለት ሰዓታት ምን እንደሆነ። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ መጻፍሽ ዋናው ነገር ነው። የሆድ ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፣ የቀረበለትን ይቀበላል፣ ሲጠግብም ይተዋል። ከስሜት የሚነሳው ብዙ ጊዜ ድንገት ይመጣል፣ አንድ የተለየ ነገር ይፈልጋል፣ ሆድ ሞልቶም አይረካም። በእርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብለው አይለዩም። ረሃብሽ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተቀምጠሽ ብዪ፣ ምግብ ነው የሚያስፈልግሽ። ረሃቡ 3 ሆኖ አምሮቱ 8 ከሆነ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው። መሃል ላይ ሲሆንብሽ ደግሞ ጥቂት በሳህን አቅርበሽ ብዪና ስሜቱንም አብረሽ ተመልከቺው።

ኪሎሽን ወይም የምግቡን መጠን እዚያ ማስታወሻ ላይ አትጻፊ። ያን ጊዜ ማስታወሻው የክስ መዝገብ ይሆንብሽና በሦስተኛው ቀን ትተዪዋለሽ። የበላሽበትን ማታ ብቻ መጻፍም አይበቃም። አምሮቱ መጥቶ ያለፈበት ማታ ምን የተለየ ነገር እንደነበረው ማወቅ ከሁሉ ይጠቅምሻል።

አንድ መስመር በምሳሌ እንመልከት። «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ረሃብ 3፣ አምሮት 8፣ ስሜት፦ ጭንቀት።» ይህን ጽፈሽ ወደ ኋላ ትመለከቻለሽ። 1፡30 ላይ ባለቤትሽ ገብቶ «ይህ ቤት ቀኑን ሙሉ ማንም የለበትም እንዴ?» አለ። አንቺ ዝም ብለሽ ዕቃ ማንሳት ጀመርሽ። 2፡30 ላይ ልጆቹ ተኙ። 3 ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ገባሽ። ቀስቃሹን ከ3 ሰዓት በፊት ባሉት አምስት ደቂቃዎች ብትፈልጊ የምታገኚው ብስኩቱን ብቻ ነው። ቀስቃሹ ያለው ግን 1፡30 ላይ ነው። ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ስትችዪው ቆየሽና፣ ብቻሽን ስትሆኚ ወጣ። አሁን «ያን ጊዜ ልናገረው ፈልጌ ያስቀረሁት ምንድን ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ «እኔም ከሥራ የገባሁት ካንተ በፊት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው» የሚል ከሆነ፣ ጭንቀት ብለሽ የጻፍሽው ንዴት ነበር ማለት ነው። ሰውነትሽም ይነግርሻል፦ መንጋጋ መግጠም፣ የጉሮሮ መታነቅ፣ የትከሻ መወጠር ከንዴት ጋር አብረው የሚታዩ ናቸው።

ስሜቱን በትክክል መለየት የሚያስፈልገው ምላሹ በእሱ ላይ ስለሚወሰን ነው። «ሲያምርሽ ሻይ ጠጪ፣ ሙዚቃ ስሚ» የሚለው የተለመደ ምክር ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለሁሉም ስሜት አንድ መድኃኒት ስለሚያዝ ነው። የተናደደ ሰው አካሉ ለመንቀሳቀስ ተዘጋጅቷል፤ ዝም ብሎ ማረፍ ሊከብደው ይችላል። ለንዴት 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከዚያም ያስቀረሽውን ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ሙሉውን መጻፍ ይስማማዋል። ጭንቀት ከሆነ ለአምስት ደቂቃ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠርሽ አየር አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፤ የሚያረጋጋው ረዘም ያለው የማስወጣት ትንፋሽ ነው።

ስለ ድካም ትንሽ ልቆይ፤ በእናቶች ዘንድ በብዛት ረሃብ የሚመስለው እሱ ነውና። ልጆች ከተኙ በኋላ ያለው ሰዓት በቀኑ ውስጥ የራስሽ የሆነ የመጀመሪያው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ያለ ሥራ መቀመጥ ስለማይፈቀድልሽ፣ ለማረፍ ያለሽ ምክንያት መብላት ብቻ ሆኗል። ማስታወሻሽ ይህን ካሳየሽ፣ ያለ ስልክ 15 ደቂቃ ጋደም በዪ ወይም 45 ደቂቃ ቀድመሽ ተኚ። ያልታጠበው ዕቃ ይደር።

በማስታወሻሽ ላይ በብዛት ለተመላለሱት ሁለት ስሜቶች አንድ አንድ ምላሽ ብቻ ምረጪ። ሃያ አማራጭ የተጻፈበት ወረቀት በሰዓቱ አይነበብም። «ልጆቹን አስተኝቼ በሩን ስዘጋ መንጋጋዬ ከገጠመ፣ ጫማዬን አድርጌ 10 ደቂቃ እራመዳለሁ» በሚል ቃል ጻፊው፤ ምልክቱና ድርጊቱ አብረው ይታሰሩ። ጫማውን ቀን ላይ በሩ አጠገብ አስቀምጪ። የምትጀምሪው ወጥ ቤት ከመግባትሽ በፊት መሆን አለበት፤ መጠቅለያው ከተከፈተ በኋላ መጀመር በጣም ከባድ ነው።

ለራስሽ «አልበላም» አትበዪ፤ «ከ10 ደቂቃ በኋላ እወስናለሁ» በዪ። አምሮት ሳይበሉለትም ከፍ ብሎ ተመልሶ ዝቅ ይላል፤ ይህንን የምታምኚው በራስሽ ላይ ስታዪው ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላም መብላት ከፈለግሽ መብራት አብርተሽ፣ በሳህን አድርገሽ፣ ተቀምጠሽ ብዪ። ፍጹም የከለከለ ሰው አንዴ ከቀመሰ «ዛሬማ ተበላሽቷል» ብሎ ቀሪውን ሁሉ ይጨርሳል። ጉዳቱ ከመጀመሪያው ብስኩት ይልቅ ከዚህ አባባል ይመጣል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ሁለት ጉዳዮች አሉ፣ በአንድ ጊዜም መነሳት የለባቸውም፦ ምሽት ላይ የሚናገርሽ ነገርና ስለ ውፍረትሽ የሰጠው አስተያየት። ንግግሩን ከበላሽ በኋላ ወይም ተናግሮ በጎዳሽ ሰዓት አትጀምሪው። ሁለታችሁም ያልደከማችሁበትን የእረፍት ቀን ምረጪና አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ አቅርቢ። ለምሳሌ፦ «ስለ ሰውነቴና ስለምበላው አስተያየት ስትሰጠኝ አፍርና ይበልጥ እበላለሁ። ለአንድ ወር ስለዚህ ምንም እንዳትለኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ፈንታ ልጆቹ ሲተኙ 10 ደቂቃ አብረን እንቀመጥ።» በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ቤቱ፦ «ስትገባ ስለ ቤቱ መዝረክረክ ከመናገርህ በፊት ሰላም በለኝ። ሥራውን እራት ከበላን በኋላ እንከፋፈለው።» ብስኩቱን ደብቅልኝ፣ ተቆጣጠረኝ ግን አትበዪው፤ ጠባቂ ካደረግሽው የሚደበቅ ሰው ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ዝም የምትዪው ስድብ፣ ዛቻ ወይም ዱላ ፈርተሽ ከሆነ ግን ይህ የንግግር ምክር ለአንቺ አይሆንም። ያን ጊዜ ዝምታሽ ከጉዳት እየጠበቀሽ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ብቻሽን ባለሙያ አማክሪ።

ለውጡ ሲጀምር ወዲያው መብላት አቆማለሁ ብለሽ አትጠብቂ። መጀመሪያ የሚታየው እየበላሽ መሆኑን በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ ሳይሆን መሃል ላይ ስታስተውዪ ነው። ቀጥሎ ከመጀመርሽ በፊት ታስተውያለሽ። የሚበላው መጠንና መደበቁ ይቀንሳል፤ የማታዎቹ ቁጥር የሚቀንሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

በአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሌላ ሰው ከሚበላው እጅግ የበለጠ የምትበዪና ማቆም የማትችዪ ከሆነ፣ ይህም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ከቀጠለ፣ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው የአመጋገብ መታወክ ሊሆን ስለሚችል ሊመረመር ይገባል። የበላሽውን ለማስወጣት የምታስታውኪ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትወስጂ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣብሽ ከሆነ ሦስት ወር አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ሂጂ። በቅርቡ የጀመርሽው መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ ንገሪው፤ እንደ ስቴሮይድና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ያሉት የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ፤ ሳታማክሪ ግን አታቋርጪ። ስትሄጂ የ14 ቀኑን ማስታወሻ ይዘሽ ሂጂ፤ ባለሙያው በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚጠይቅሽ አብዛኛው ነገር እዚያ ላይ አለ።