38 ስላይድ ይዞ 10 ደቂቃ መናገር፦ ጥያቄና መልስ

የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሰሞን ስለሆነ ብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር ይጠይቀኛል። ሥራዬ ለኃላፊዎች ንግግር መጻፍ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ከቡሬ፦ የዱቄት ፋብሪካ ዕቅድ ክፍል ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ለቦርድ የሚያቀርቡት 38 ስላይድ ነው፤ የተሰጣቸው 10 ደቂቃ። ንግግሩን ጻፍ ተባልኩ። ከየት ልጀምር?

ፓወርፖይንቱን ዝጋውና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግባ። «ቦርዱ ሲወጣ ምን እንዲወስን ይፈልጋሉ?» በላቸው። «እንዲያውቁት ብቻ ነው» ካሉህ ትንሽ ቆይተህ ደግመህ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ ሆዳቸው ውስጥ አንድ ነገር አለ። እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። ከዚያ 38ቱን ስላይድ አንድ በአንድ እያየህ «ይህ ባይኖር ያ ዓረፍተ ነገር ይቆማል ወይ?» በል። አራት ወይም አምስት ይተርፍሃል። የቀረው ቀደም ብሎ ለአባላቱ ይላክ።

እንደገና ከቡሬ፦ ጠየቅኳቸው። ለመጪው መኸር የስንዴ መግዣ ብድር ቶሎ እንዲጸድቅ ነው የሚፈልጉት። ሽያጭ፦ ዕቅድ 40,000 ኩንታል፣ ክንውን 31,000። ገቢ፦ ዕቅድ 200 ሚሊዮን ብር፣ ክንውን 178 ሚሊዮን። በአረንጓዴ ቀለም ጎልቶ የተጻፈው የገቢው 89 በመቶ ነው። በእሱ ይከፈት?

አይሆንም። ሒሳቡን እስኪ አብረን እንየው። በዕቅዱ አንድ ኩንታል 5,000 ብር ነበር። 178 ሚሊዮኑን ለ31,000 ስታካፍለው 5,740 ብር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ገቢውን ወደ 89 በመቶ ከፍ ያደረገው የዋጋ ጭማሪ ነው። በኩንታል ከሄድክ አፈጻጸሙ 77.5 በመቶ ነው። ቦርዱ ውስጥ አንድ የሒሳብ ሰው አይጠፋም። እሱ ከሚያነሳው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ቢናገሩት ይሻላል።

ቀጥሎ የጎደለው 9,000 ኩንታል የት ሄደ? «ተግዳሮቶች» የሚለው ስላይድ ላይ አሥር ነገር ተደርድሮ ይሆናል። ለየትኛው ስንት ኩንታል እንደጠፋ ግን አይናገርም። የወፍጮውን መዝገብ ጠይቅ።

ከቡሬ፦ ጠየቅኩ። ወፍጮው በቀን 600 ኩንታል ዱቄት ያወጣል። ስንዴ አጥተን 10 ቀን ቆመናል። መብራት ጠፍቶ ደግሞ በጠቅላላው 80 ሰዓት።

ንግግሩ ተገኘ በለኛ! 10 ቀን ማለት 6,000 ኩንታል ነው። 24 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ በሰዓት 25 ኩንታል ነውና 80 ሰዓቱ 2,000 ይሆናል። የቀረው 1,000 ጥቃቅን ነገር ነው፤ «ሌላ» ብለህ እለፈው። ስላይዱ ላይ መብራት ቁጥር አንድ ሆኖ ተጽፎ ይሆናል፤ ትልቁ ጉዳት ግን የስንዴው ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ የማይቀር ነው። ጎጃም ውስጥ ጥር ላይ ስንዴ አጣን ብትል አዳራሹ ይስቅብሃል። አዝመራው ገና ከአውድማ መግባቱ ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ንግግሩ ውስጥ መግባት አለበት፦ ሥራ አስኪያጁ ብድሩ ቶሎ ይጽደቅ ካሉ፣ ስንዴው ነበር፤ የዘገየው መግዣው ብር ነው ማለት ነው። ብድሩ የተለቀቀበትን ቀን መዝገብ አይተህ አስገባ። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራን የቦርድ አባላት። በዚህ ሩብ ዓመት ሠላሳ አንድ ሺህ ኩንታል ዱቄት ሸጠናል። ያቀድነው አርባ ሺህ ነበር። ገቢያችን ወደ ዕቅዱ የተጠጋው ዋጋ ስለጨመረ ነው። ምርታችን ቀንሷል። ከጎደለው ዘጠኝ ሺህ ኩንታል ስድስት ሺው የጠፋው በአንድ ምክንያት ነው። ስንዴ ገበያ ላይ እያለ መግዣ ብር እጃችን ላይ አልነበረም። ዛሬ የምንጠይቃችሁ ይህ እንዳይደገም ነው።»

ቁጥሩን በፊደል የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። 178,014,500 የሚል ወረቀት ላይ ካለ ተናጋሪው ተደናቅፎ ይቆማል። «መቶ ሰባ ስምንት ሚሊዮን ብር» ብለህ ጻፍለት፤ ዝርዝሩ ስላይዱ ላይ ይቀመጥ። ዓረፍተ ነገሩንም አሳጥር። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው «ጨመረ» ይሁን «ቀነሰ» እስኪሰማ ድረስ ቁጥሩን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቃል። ሦስት ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከከተትክ ሁለቱን ይጥላቸዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ አንድ ስላይድ በአንድ ደቂቃ ነው የሚባለው። 10 ስላይድ መርጦ የተጻፈውን ማንበብ አይበቃም?

ስላይድ መቀነሱ ልክ ነው። ደቂቃውን እኩል ማካፈሉ ግን አያዋጣም። ከላይ ባለው ምሳሌ የስንዴው ጉዳይ ብቻውን አራት ደቂቃ ይፈልጋል፤ የሰው ኃይል ስላይድ አሥር ሰከንድም አይገባውም። ደግሞ ሰው በዓይኑ ካንተ አፍ ይፈጥናል። የተጻፈውን ስታነብለት እሱ ጨርሶ ስልኩን አውጥቷል። ስላይዱ ስንት እንደሆነ ያሳይ፤ አንተ ለምን እንደሆነ ተናገር።

ከፍኖተ ሰላም፦ ፊደሉ ስንት ይሁን? ከኋላ የሚቀመጡት አይታያቸውም።

ስለ ስላይዱ ከሆነ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ራስሽ እዪው። የንግግሩ ወረቀት ከሆነ 16 ወይም 18 አድርጊው፣ መስመሩንም አራርቂው። ዓረፍተ ነገር ገጽ ላይ ተቆርጦ ወደሚቀጥለው እንዳይሻገር።

ከዳንግላ፦ 10 ደቂቃ ስንት ቃል ነው?

ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ቁጥር አትውሰድ። የእኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንዳላስረከብናቸው» ብቻውን አንድ ቃል ነው። ተናጋሪው ከራሱ ጽሑፍ አንድ ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፣ አንተ ቁጠር። 90 ቃል ካነበበ ለ10 ደቂቃ 900 አትጻፍ፤ 750 ይበቃል። ስላይድ መቀየር፣ ውኃ መጠጣት፣ ሰብሳቢው ጣልቃ መግባት ሁሉ ጊዜ ይበላል። የክቡራን ዝርዝርም ይቆጠር! አንዳንድ አዳራሽ ሰላምታው ብቻ አንድ ደቂቃ ይወስዳል።

ከሞጣ፦ እኔ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነኝ። ባለፈው ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ 81 በመቶ አሉ፤ ቆይተው እዚያው ላይ 68 በመቶ አሉ። ጭቅጭቅ ሆነ። የማን ጥፋት ነው?

ምናልባት ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ሩብ ዓመት፣ ሌላው ከሐምሌ ጀምሮ ያለው የዘጠኝ ወር ድምር ይሆናል። ስላይድ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ዓይን ይለያቸዋል፤ ጆሮ አይለይም። አንዱን ምረጡና ንግግሩን በሙሉ በእሱ ሂዱ። ሁለተኛው የግድ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ «ከሐምሌ ወዲህ ስናየው» ብሎ ይጥቀሱት። ወይም ደግሞ ቁጥሩ በእርግጥ ተሳስቶ ይሆናል፤ ሳላየው አልፈርድም።

ከባሕር ዳር፦ ጉድለቱን መጀመሪያ ማምጣት አልዋጠልኝም። የእኛ ቦርድ መጥፎውን ከሰማ ቀሪውን አያዳምጥም። ሁለት ደቂቃ ስኬት ይቅደም።

እርስዎ ቦርድዎን ያውቁታል። እኔ የምፈራው ስኬቱ ሁለት ደቂቃ ተብሎ አምስት ስለሚሆንና ጥያቄው የሚቀርበው «ሰዓት አልቋል» የሚል ወረቀት ከመጣ በኋላ ስለሚሆን ነው። ስኬት ይቅደም ካሉ አንድ ስኬት ይምረጡ፤ እሱም ከሚጠይቁት ነገር ጋር የተያያዘ ይሁን። ለምሳሌ ብድሩ ከተለቀቀ በኋላ ወፍጮው በሙሉ አቅሙ ሠርቶ ከሆነ፣ ያ ስኬትም ነው ማስረጃም ነው።

ከቡሬ፦ የመጨረሻ። ሰብሳቢው 10 ደቂቃውን ድንገት 6 ቢያደርጉትስ?

ያደርጉታል። ስትጽፍ ሊዘለሉ የሚችሉትን አንቀጾች በቅንፍ ክበባቸው። የመብራቱን ክፍል መጀመሪያ፣ የዋጋውን ዝርዝር ቀጥሎ። ከዚያ የተከበበውን ዘልለህ ድምፅህን አውጥተህ አንብበው፤ «ከላይ እንዳልኩት» የሚል ቃል ያልተነገረ ነገር ላይ እንዳይንጠለጠል። ብድሩን የሚጠይቀው አንቀጽ ለብቻው ወረቀት ላይ ይሁን። ሥራ አስኪያጁ የትም ቦታ ቢቆረጡ እሱን አንስተው እንዲያነቡ።