ከፍተኛው ወለድ ይቅደም ወይስ ትንሹ ዕዳ?

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ነው የምኖረው። ሦስት ዕዳ አለብኝ። የሆስፒታል 800 ዶላር ወለድ የለውም፣ በወር 50 እከፍላለሁ። አንዱ ካርድ 2,400 በ18 ፐርሰንት፣ ሚኒመሙ 70። ሌላው ካርድ 6,000 በ27 ፐርሰንት፣ ሚኒመሙ 190። ከዚህ በላይ በወር 240 መጨመር እችላለሁ። ባለቤቴ አቫላንሽ ይሻላል ይላል፣ ጓደኛዬ ስኖውቦል ትላለች። በየወሩ እየከፈልኩ ምንም አይቀንስም። ተስፋ ቆርጫለሁ። የቱን ልከተል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ተስፋ ያስቆረጠሽን ቁጥር እንየው። 6,000 ዶላር በ27 ፐርሰንት ማለት በወር 135 ዶላር ገደማ ወለድ ነው። አንቺ 190 ስትከፍይ ከዋናው ዕዳ ላይ የሚነሳው 55 ዶላር ብቻ ነው። በዚያ ላይ በወሩ ውስጥ በካርዱ አንድ ጊዜ ቤንዚን ከተቀዳበት 55ቱም የለም። ስለዚህ አይቀንስም ያልሽው እውነትሽን ነው።

ሁለቱም መንገዶች ሁሉም ዕዳ ላይ ሚኒመም እየከፈልሽ፣ ትርፏን 240 አንድ ዕዳ ላይ ብቻ እንድታሳርፊ ይላሉ። አቫላንሽ ወለዱ ከፍተኛ በሆነው ላይ፣ ስኖውቦል ደግሞ መጠኑ ትንሽ በሆነው ላይ ያሳርፋታል። አንዱ ሲዘጋ የእሱ ክፍያ በሙሉ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። በየወሩ የምታወጪው በሁለቱም አንድ ነው፣ 550 ዶላር።

እኔና ባለቤቴም ሜሪላንድ ሳለን በዚሁ ጉዳይ ተከራክረናል። እሱ ስለ ወለዱ ነበር የሚያስበው። እኔ ደግሞ በየወሩ የሚመጣው የቢል ብዛት ነበር እንቅልፍ የሚነሳኝ። ክርክሩን የፈታልን ሁለቱንም መንገድ ወር በወር በወረቀት ላይ ማስላቱ ነው። ያንቺንም እንደዚያው ሠርቼዋለሁ። ካርድ ወለዱን በየቀኑ ስለሚያሰላ ጥቂት ዶላር ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል።

በአቫላንሽ ከሄድሽ ጠቅላላ ወለድሽ ወደ 1,870 ዶላር ነው። በስኖውቦል ወደ 2,250 ይደርሳል። ልዩነቱ 375 ዶላር አካባቢ ነው። የሚገርመው በሁለቱም ዕዳሽ የሚያልቀው በ21ኛው ወር መሆኑ ነው። ትልቁ ልዩነት ሌላ ቦታ ላይ ነው። በስኖውቦል የሆስፒታሉ ዕዳ በ3ኛው ወር፣ ትንሹ ካርድ በ10ኛው ወር ይዘጋል። በአቫላንሽ ግን እስከ 16ኛው ወር ድረስ አንድም ዕዳ አይዘጋም። ከአንድ ዓመት በላይ ሦስቱም ቢል እንደመጡ ይቀጥላሉ ማለት ነው። ዛሬ ተስፋ የቆረጠ ሰው ያን ያህል መጠበቅ መቻሉን በሐቀኝነት ራሱን መጠየቅ አለበት። ሰባተኛው ወር ላይ ሰልችቶሽ 240ዋን ብታቆሚ፣ በወረቀት ላይ የቆጠብሽው 375 ዶላር የለም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2012 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የኬሎግ ማኔጅመንት ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ዕዳቸውን ለመጨረስ ፕሮግራም የገቡ ሰዎችን መዝገብ አጥንተው ነበር። ከሂሳቦቻቸው ብዙውን የዘጉ ሰዎች ዕዳቸውን እስከ መጨረሻው የማስወገድ ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፣ የተዘጉት ሂሳቦች ትንንሽ ቢሆኑም እንኳ። እርግጥ እነዚያ ሰዎች ከባድ ችግር ውስጥ የነበሩ ናቸው። ያልተጨነቀና ቁጥር የሚወድ ሰው አቫላንሽን ቢመርጥ ትክክል ነው።

ላንቺ ግን የምመክርሽ ድብልቁን ነው። ሆስፒታሉን መጀመሪያ ዝጊው፣ ከዚያ ትንሹን ካርድ ዝለይውና በቀጥታ ወደ 27 ፐርሰንቱ ሂጂ። ሲሰላ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 2,030 ዶላር ይመጣል። ከንጹሕ አቫላንሽ የሚበልጠው በ157 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ያም በ21ኛው ወር ያልቃል። በ157 ዶላር የምትገዢው ነገር በ3ኛው ወር አንድ ቢል ከጠረጴዛሽ ላይ መነሳቱንና በወር 290 ዶላር ነፃ መውጣቱን ነው። ለእኔ ይህ ዋጋው ተገቢ ነው። ስኖውቦልን እስከ መጨረሻው መከተል ግን አልመክርሽም። ትንሹን ካርድ ስታባርሪ 27 ፐርሰንቱ ሰባት ወር ሙሉ ሳይነካ ይቀመጣል፣ ተስፋ ያስቆረጠሽም እሱው ነው።

የሆስፒታሉን ዕዳ ከመክፈልሽ በፊት ግን አንድ ስልክ ደውይ። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተጻፈ የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ማመልከቻውን ከወጣሽ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለበት። ቀኑ ካላለፈ የገቢ ማስረጃሽን ይዘሽ አመልክቺ። ብዙ ሐበሻ ይህን ሳይጠይቅ ሙሉውን ይከፍላል፣ ያናድደኛል። 800ው ከተቀነሰልሽ የመጀመሪያው ድል ሳትከፍይው ቀረበ ማለት ነው።

ሌላው ዕቅዱን የሚያፈርሰው ነገር የሚኒመሙ መቀነስ ነው። ባላንስሽ ሲወርድ ካርዱ የሚጠይቅሽ ሚኒመም አብሮ ይወርዳል። ዛሬ 190 የነበረው ቆይቶ 150 ይሆናል፣ ኦቶፔይሽ «ሚኒመም» ላይ ከሆነ ሳታውቂው 40 ዶላር ሾልኮ ይቀራል። እኔ የሠራሁት ሂሳብ 70ውና 190ው እንዳሉ ከቆዩ ነው። ስለዚህ ኦቶፔይን በቋሚ መጠን አድርጊው። ሁለቱንም ካርድ ደግሞ ከቦርሳሽ አውጪያቸው።

«ለ12 ወር ወለድ የለም» ብለው የሚሰጡት የሱቅ ካርድ ካለሽ ግን ከላይ ያልኩት ቅደም ተከተል አይሠራም። ብዙዎቹ በቀኑ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈሉ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ያለውን ወለድ በአንዴ ይጭናሉ። እንደዚያ ያለ ካለ ከሁሉም ይቅደም።

ዕቁብ ውስጥ ካለሽም ዕጣው ቀድሞ እንዲደርስሽ ሰብሳቢውን ጠይቂ። ገንዘቡ እንደደረሰ ለሌላ ነገር ሳይነካ በሙሉ በ27 ፐርሰንቱ ካርድ ላይ ይግባ። ቀድመሽ ከወሰድሽ ዕቁብሽ ወለድ የሌለው ብድር ይሆናል። ብቸኛው ጥንቃቄ፣ የዕቁብሽን ወርሃዊ መዋጮ ከዚያ በኋላም ሳታቋርጪ መክፈል መቻልሽን ቀድመሽ ማረጋገጥ ነው። ካርዱ ሲዘገይ ቅጣት ይጥላል፣ ዕቁብ ውስጥ ግን የምታስቀይሚው ሰው ነው።

ስቴትመንቱ ሲመጣ ባላንሱን ብቻ አትመልከቺ። በወሩ የታሰበብሽ ወለድ የተጻፈበትን መስመር ፈልጊና ከባለቤትሽ ጋር ወር በወር መዝግቡት። በድብልቁ ከሄድሽ የትልቁ ካርድ ወለድ መጀመሪያ 135 ገደማ ነው። እስከ 4ኛው ወር ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ያኔ አትደንግጪ፣ ተራው ገና ስለሆነ ነው። በ10ኛው ወር ግን ወደ 80 ዶላር መውረድ አለበት። ካልወረደ ወይ ካርዱ ላይ ግዢ አለ፣ ወይ ትርፏ ገንዘብ ወደ ሌላ ሄዳለች። ያን ጊዜ ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።