የስልክ መያዣው ለምን ተንጋደደ? ስለ 3ዲ ፕሪንተር የፕላስቲክ ክር፣ ማለትም ስለ ፊላመንት ምርጫ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ፒኤልኤ በተባለው ፊላመንት ያተምኩት የስልክ መያዣ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ ቀለጠ። ውስጡን መቶ በመቶ ብሞላው አይጠነክርም?

መልስ፦ አልቀለጠም፤ ለስልሶ ነው የጎበጠው። ፒኤልኤ ለመቅለጥ ከ150 ዲግሪ በላይ ቢፈልግም፣ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግትርነቱን ያጣል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ቆላ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ክብደት በዝቶበት ቢሆን ኖሮ በንብርብሮቹ መካከል ተሰንጥቆ ያገኙት ነበር፤ የእርስዎ ግን ስንጥቅ ሳይኖረው ስልኩ ወደተጫነበት አቅጣጫ ተለምጧል። ውስጡን መሙላት ፊላመንት ይጨርሳል እንጂ የሚለሰልስበትን ሙቀት አይለውጠውም። ፒኢቲጂ በተባለው ፊላመንት ያትሙት፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚወጣበትን ኖዝል 240፣ ዕቃው የሚታተምበትን ቤድ 75 ዲግሪ አድርገው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ፒኢቲጂውንም የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ ሞክሬዋለሁ፤ እሱም ጎበጠ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ መሞከርህ መልካም ነው፤ ፈተናው ግን ከብዶበታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ፒኢቲጂ የሚለሰልሰው 80 ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረህ ቴርሞሜትሩ 70 ሲያሳይ፣ ከሁለቱም የታተመ ስስ ቁራጭ አምስት ደቂቃ አቆይና በመቆንጠጫ ጫን አድርገው። ፒኤልኤው እንደ ጎማ ይታጠፋል፤ ፒኢቲጂው ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ እንዲያ ከሆነ ከሁሉም የሚበልጠው ኤቢኤስ ነው፤ 100 ዲግሪ ይችላል። ለምን አትመክሩትም?

መልስ፦ ስለ ሙቀቱ ልክ ነዎት። ነገር ግን ኤቢኤስ ሲቀዘቅዝ ብዙ ስለሚኮማተር፣ የላይኛው ንብርብር የታችኛውን እየሳበ ጠርዙን ከቤዱ ያስነሳዋል፤ በእኛ ብርድና በር በተከፈተ ቁጥር በሚገባው ነፋስ ደግሞ ይብሳል። ቤዱን 100 ዲግሪ አድርገው፣ ፕሪንተሩ ዙሪያውን ተሸፍኖ፣ ማራገቢያው ጠፍቶ ካልሆነ አይሞክሩት፤ ጭሱም በሚተኙበት ክፍል የሚታገሡት አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ሳይሆን የግድግዳ መስቀያ ነው። በፒኢቲጂ ሠርቼው ጋቢ ሲሰቀልበት ከሥሩ ተሰበረ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የፊላመንቱ ጥፋት አይመስለኝም። ቆሞ ከታተመ ጭነቱ ንብርብሮቹን ይለያያቸዋል፤ በጎኑ አስተኝተው፣ የመስቀያውን የራሱን የውጭ ግድግዳ መስመሮች ከሁለት ወደ አራት ከፍ አድርገው ያትሙት። ለቤት ውስጥ መስቀያ እንዲያውም ፒኤልኤ ይበልጥ ግትር ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ፒኢቲጂ ዳሽቦርድ ላይ ግንቦትን ያልፋል?

መልስ፦ ጥቁር ቀለም ፀሐይን አብዝቶ ስለሚስብ ነጩን እመርጣለሁ። የእኔ ነጭ መያዣ ገና አንድ በጋ ብቻ ነው ያለፈው፤ ስለ ጥቁሩ የሞከረ ካለ ይንገረን።