ፕሬዠር ኩከር ወይስ ተራ ድስት?

«ቦሎቄና ምስር ለመቀቀል ፕሬዠር ኩከር ልግዛ ወይስ በተራው ድስት ልቀጥል? ጣዕሙስ አይለወጥም?»

ቦሎቄ አዘውትረው የሚቀቅሉ ከሆነ ይግዙ፤ ለምስር ብቻ ከሆነ ግን አያስፈልግዎትም። በተራ ድስት ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ ስለማይሞቅ፣ እሳት ቢጨምሩበት የሚበዛው እንፋሎቱ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። በፕሬዠር ኩከር ግን እንፋሎቱ ታፍኖ ሙቀቱ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረና በተራ ድስት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅብኝ ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ፣ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ በ12 ደቂቃ ገደማ ይበስልልኛል። ነዳጅ የሚቆጥበው ግን ማፏጨት እንደጀመረ እሳቱን ዝቅ ካደረጉለት ነው፤ ያለማቋረጥ በኃይል የሚያፏጭ ከሆነ ነዳጁም ውኃውም በከንቱ እየወጣ ነው ማለት ነው።

በጣዕም በኩል ትልቁ ልዩነት መረቁ ላይ ነው። ውኃው ስለማይተን መረቁ ይቀጥናል፤ ስለዚህ እኔ ክዳኑን ከከፈትኩ በኋላ ለ10 ደቂቃ ያህል በተከፈተ ድስት አንተከትከዋለሁ፤ ያን ጊዜ መረቁ ወፈር ብሎ ጣዕሙ ከተራው ድስት እምብዛም አይለይም። እንፋሎቱን በችኮላ አያስወጡት፤ ቦሎቄው ልጣጩ ይፈነዳና ይፈራርሳል።

ክክ ምስር ግን በተራ ድስት በ15 ደቂቃ ገደማ ስለሚበስል የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍነው ይችላል።